ሾርባ ብዬ ስጠይቅ ስኳር የሚሰጡኝ ለምንድን ነው?

ንብረት ያዥ፣ ኮምቦልቻ
ቻይናውያን በሚበዙበት ፋብሪካ የምግብ ቤት ንብረት ያዥ ነኝ። ቋንቋቸውን የለመድኩት በጆሮዬ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ሾርባ ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ አብሳይዋን «ታንግ?» ብላት የስኳር ጣሳ አቀበለችኝ። በማግስቱ ስኳር ፈልጌ «ታንግ!» ስላት ከምድጃው ላይ እጇን ሰብስባ ዘወር አለች። ምን እያጠፋሁ ነው?

የደሴ ልጅ
አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም አዲስ አበባ ስማር በወሎ ቅላጼዬ ይስቁብኝ ነበር። ረጋ ብለህ ተናገር፤ ይለምዱሃል።

ጡረተኛ መምህር፣ ሐይቅ
ልጄ፣ ይኸማ በእኛም አለ። «ገና» ጠበቅ ሲል በዓሉ ነው፤ ሲላላ «ገና አልመጣም» የምንለው ነው። ቻይኖቹም እንደዚሁ ያጠብቃሉ፣ ያላላሉ ማለት ነው። አስተውለህ ስማቸው።

ወልድያዋ
ጋሼ፣ ፊደሉ አንድ ሆኖ ቃሉ ሁለት ሊሆን እንደሚችል ልክ ነዎት። መለያው ግን ሌላ ነው። ማጥበቅ ተነባቢው ላይ መቆየት ስለሆነ፣ በሹክሹክታ ቢናገሩት እንኳ ሁለቱ «ገና»ዎች ይለያሉ። ቻይንኛ ቃሉን የሚለየው በድምፁ ከፍታና ዝቅታ ነው። የደሴው ወንድማችን ያነሣው ቅላጼ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ በወሎ ቅላጼም ቢጠራ ውሃ ያው ውሃ ነው።

ንብረት ያዡ፣ አንተ «ታንግ» የምትለው በእነርሱ ጆሮ አራት ቃል ነው። ድምፁ ከፍ ብሎ ሳይወጣ ሳይወርድ ከቀጠለ ሾርባ ነው። ከመካከል ተነሥቶ ሽቅብ ከወጣ ስኳር ይሆናል። ታች ወርዶ እዚያው ከተጎተተ ጋደም ማለት ነው፤ ከላይ ቁልቁል ከወደቀ ደግሞ የሚያቃጥል ትኩስ።

አሁን የሆነውን እይ። በአማርኛ «ሾርባ?» ስንል መጨረሻውን ሽቅብ እንስበዋለን። ሾርባው ሾርባነቱን አይለቅም፤ ጥያቄነት ብቻ ይታከልበታል። ያንን የጥያቄ ዜማ «ታንግ» ላይ ስትጭነው ድምፁ ሽቅብ ወጣ፤ ስኳር ጠየቅህ። በማግስቱ ደግሞ እንደ ትእዛዝ ቁርጥ አድርገህ ቁልቁል ጣልከው። «ያቃጥላል!» ብለሃታልና እጇን መሰብሰቧ አያስወቅሳትም።

ስለዚህ ስትጠይቅ «ማ» የምትለዋን አጭር ቃል ከኋላ ጨምር፤ ጥያቄነቱን እርሷ ትሸከምልሃለች። «ታንግ»ን ከፍ አድርገህ ያዝና ሳታነሣው «ማ» በል። እነርሱም ሲጠይቁ ድምፃቸው ከፍ ይላል፣ ግን መላው ንግግር ነው የሚነሣው። «ያቃጥላል?» ሲሉ ከወትሮው ከፍ ካለ ቦታ ይጀምራሉ እንጂ መውደቁን አይተዉትም። «ስኳር?» ላይ ግን ቃሉ ራሱ ሽቅብ ስለሚወጣ፣ ያለ «ማ» ጥያቄ ይሁን አይሁን እነርሱም አንዳንዴ ይቸገራሉ።

ክራር መቺው፣ ባቲ
ይህ የእኔ ሙያ ነው! ክራሩን ለአራቱ ቃላት ይቃኝና በክሩ ልክ ይለማመድ። ባቲን ከአምባሰል የለየ ጆሮ ይህ አያቅተውም።

ወልድያዋ
ጆሮህ ይጠቅማል፣ ክራርህ ግን ያሳስታል። የተወሰነ ኖታ የለም፤ የሕፃን ሾርባና የጎልማሳ ሾርባ ከፍታቸው በጣም ይራራቃል። ሰሚው የሚመዝነው ከተናጋሪው ከራሱ ድምፅ ጋር ነው። ደግሞም ክራር ደረጃ በደረጃ ይዘላል፤ እነዚህ ቃላት ግን ይንሸራተታሉ። ጣት ክሩ ላይ የሚንሸራተትበት ማሲንቆ ሳይቀርብ አይቀርም። ንብረት ያዡ ኮምፒውተር ካለው Praat የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። የአብሳይዋንና የራሱን ድምፅ ቀድቶ ቢከፍትበት የድምፁ መስመር ሲወጣና ሲወርድ ይታየዋል። የመስመሩን ቅርጽ ብቻ ያስተያይ፤ ከፍታው የእርሷና የእርሱ ጉሮሮ ልዩነት ነው።

ከሚሴ
በኦሮምኛችንም ድምፅ ከፍ የሚልበት ቦታ አለ። እንደ ቻይንኛ ነው ልንል እንችላለን?

ወልድያዋ
ምሁራኑ አልተስማሙበትም። በኦሮምኛ ከፍታው ከሰዋስው ጋር የተያያዘ ይመስላል፤ እንደ «ታንግ» አራት ቃል በዜማ ብቻ ሲለይበት አላየሁም። በአገራችን ይህን ዓይነት ነገር የሚፈልግ ወደ ቤንችኛ ይሂድ። እዚያ አምስት የድምፅ ደረጃዎች ቃል ይለያሉ፤ በዚያ ላይ አንድ ሽቅብ የሚወጣ አለ።

ጡረተኛ መምህር፣ ሐይቅ
«ገና»ን ለባለቤቴ በሹክሹክታ ነገርኳት፤ ሁለቱንም ለየችው። አምኛለሁ። ግን የእኛው ማጥበቅ አይናቅ።

ንብረት ያዥ፣ ኮምቦልቻ
ቀድቼ አየሁት። የእርሷ ሾርባ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሏል፤ የእኔ ቀጥ አድርጌዋለሁ ባልኩበት ሁሉ ጫፉ ላይ ብድግ ይላል። ዛሬ ምሳ ላይ «ማ» ጨምሬ ሞከርኩ፤ ጭልፋውን አነሣች። ስኳር ግን አሁንም ከሦስት አንዴ ይወድቅብኛል፣ በተለይ ስቸኩል። ጋደም የሚለውን ለሴትዮዋ ልሞክርባት አልደፈርኩም።