38 ሺህ ሁለት ጊዜ ተልኮ ተመለሰ፣ 46 ሺህ ታግዷል፣ 21 ሺህ ደግሞ የት እንደገባ አላውቅም

ባለጫማዋ (ጠያቂ)
በኦንላይን ጫማ እሸጣለሁ፤ የገዢዎችን ክፍያ ተቀብሎ ወደ ባንኬ የሚልክልኝ አንድ የክፍያ ድርጅት ነው። በወር 30 ሺህ ገደማ ነበር የምሸጠው። ባለፈው ወር ገና ያልገባ አዲስ ሞዴል አስቀድመው ከፍለው እንዲያዙ ስከፍት ሽያጩ 120 ሺህ ደረሰ። እጄ የገባው ግን 15 ሺህ ብቻ ነው። 38 ሺህ ሁለት ጊዜ ወደ ባንኬ ተልኮ ሁለቴም `failed` ብሎ ተመለሰ። 46 ሺህ `pending` ላይ ቆሟል፤ ስጠይቃቸው «ሂሳብዎ በግምገማ ላይ ነው» ብቻ ይሉኛል። ቀሪው 21 ሺህ ጭራሽ አይታየኝም። አቅራቢዬ ገንዘቡን እየጠበቀ ነው። ምን ላድርግ?

የማለዳ ገበያ
አይዞሽ እህቴ፣ እኔም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ደንግጬ ነበር። ሽያጭ ከተፈጸመ በኋላ ገንዘቡ እስኪለቀቅ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል፤ የሚቆጠረውም የሥራ ቀን ብቻ ነው። ሐሙስ ማታ የተሸጠ ዕቃ ገንዘቡ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ቢደርስ አይገርምም። ትንሽ ታገሺ፣ ሁሉም በራሱ ይገባል።

ደብተር ያዥ
ስለ ሥራ ቀን የተባለው ልክ ነው፤ ግን `failed` ያለ ክፍያ በመታገስ አይገባም። ምክንያቱ እስኪስተካከል ድረስ በተላከ ቁጥር ይመለሳል።

እኔ የማውቀው ሂሳቡን ስለሆነ 21 ሺውን እንፈልገው። የወሩን ሙሉ ሪፖርት በኤክሴል አውርጂና «ሽያጭ» ያልሆኑትን መስመሮች ብቻ ለይተሽ ደምሪያቸው፤ የአገልግሎት ክፍያ፣ ለደንበኛ የተመለሰ፣ እና `reserve` የሚል ካለ።

ባለጫማዋ
አሁን ደመርኩት። የአገልግሎት ክፍያ 3,600፣ ለደንበኞች የመለስኩት 5,400፣ `reserve` ደግሞ 12,000። በትክክል 21 ሺህ! ግን ይሄ 12 ሺህ ምንድን ነው? ማንም አልነገረኝም።

ደብተር ያዥ
ከሽያጭሽ 10 በመቶው ነው። ደንበኛ በኋላ ገንዘቤ ይመለስ ቢል መክፈያ እንዲሆን ይዘውት ነው። ውልሽ ላይ ለስንት ቀን እንደሚይዙ ተጽፏል፤ 90 ወይም 180 ቀን ብዙ ጊዜ ይታያል። የሚለቀቀውም ባንድ ጊዜ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ቀን ሽያጭ ቀኑ ሲሞላ የራሱ 10 በመቶ ይወጣል። ስለዚህ ለአቅራቢሽ ቃል ስትገቢ እሱን የሌለ ያህል ቁጠሪው።

ትምህርት ሻጭ
እኔም የቪዲዮ ትምህርት ስሸጥ ተይዞብኛል። የኔ ምክንያት ገዢዎች ለካርድ ባንካቸው «ይህን ክፍያ አላውቀውም» ማለታቸው ነበር። በባንክ መግለጫቸው ላይ የሚወጣው ስም ከሱቄ ስም ጋር አይመሳሰልም ነበርና። ስሙን ቀየርኩት፣ ቅሬታው ቀነሰ። አንቺም እሱን እይው።

ባለጫማዋ
አመሰግናለሁ፤ ግን እስካሁን አንድም ሰው ለባንኩ አላመለከተብኝም። ቶሎ እንዲለቀቅልኝ ሌላ ባንክ ልቀይር? ወይስ የሁሉንም ደንበኞች ገንዘብ መልሼ ራሳቸው በቀጥታ ወደ ባንኬ እንዲያስገቡ ልንገራቸው?

ቀድሞ ገምጋሚ
ሁለቱንም እንዳታደርጊ። እንዲህ ያለ ድርጅት ውስጥ የታገዱ ሂሳቦችን ስገመግም ቆይቻለሁ። በግምገማ መሃል የባንክ ቁጥር መቀየር የሂሳብ ሌባ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ሌላ እገዳ ይጨምርብሻል። የሁሉንም ገንዘብ ባንድ ጊዜ መመለስ ደግሞ ሱቁ እየፈረሰ ያለ ያስመስላል፤ የከፈልሽው የአገልግሎት ክፍያም ብዙውን ጊዜ አይመለስልሽም።

ያለብሽ ሁለት የተለያየ ችግር ነው። መጀመሪያ 38 ሺውን እንጨርስ። የከሸፈውን ክፍያ ስትከፍቺው ምክንያቱን የሚገልጽ ኮድ አለ። ምን ይላል? ደግሞም 15 ሺው በሰላም ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ምን ቀየርሽ?

ባለጫማዋ
`incorrect_account_holder_name` ይላል። የቀየርኩት ነገር… በግል ስሜ የነበረውን ምዝገባ ወደ ንግድ ፈቃዴ ስም አዛውሬዋለሁ። 15 ሺው የገባው ከዚያ በፊት ነው።

ቀድሞ ገምጋሚ
ተገኘ። እነሱ ጋ ያለው ስም የሱቁ ነው፣ ባንክ ያለው ግን የግል ስምሽ ነው። ተቀባዩ ባንክ ሁለቱ ስላልገጠሙለት መለሰው። ባንክሽ የንግድ ስሙን በዚያው ሂሳብ ላይ ማስመዝገብ ከቻለ እሱ ይቀላል። ካልቻለ በንግዱ ስም ሂሳብ ክፈቺ፤ ቁጥሩን ከማስገባትሽ በፊት ግን ለምን እንደምትቀይሪ ጽፈሽ የባንኩን ማረጋገጫ ደብዳቤ ላኪ። ሦስተኛ ጊዜ እንዲላክ የምትጠይቂው የተመለሰው 38 ሺህ በዳሽቦርድሽ ላይ ተመልሶ ሲታይ ብቻ ነው። ከባንክ እስኪመለስ ጥቂት የሥራ ቀናት የትም የማይታይበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ 46 ሺው። ገምጋሚው የሚያየው አራት እጥፍ ያደገ ሽያጭ እና ገና ያልተላከ ዕቃ ነው። ጫማው ባይመጣ ገዢዎቹ ገንዘባቸውን በባንካቸው በኩል ያስመልሳሉ፤ አንቺ ከሌለሽ የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። ስለዚህ «አላጭበረበርኩም» የሚል ረጅም ደብዳቤ አይጠቅምሽም። ስንት ትዕዛዝ ደርሷል፣ ስንቱ መንገድ ላይ ነው፣ ስንቱ አልተላከም?

ባለጫማዋ
ከ64 ትዕዛዝ 41 ደርሷል፣ 15 መንገድ ላይ ነው፣ 8 አልተላከም። ያልተላከው አቅራቢው ቁጥሩን ስላላሟላ ነው።

ቀድሞ ገምጋሚ
ጥሩ ነው፣ ከፈራሁት ይሻላል። ለ8ቱ ዛሬውኑ ጻፊላቸው፤ መጠበቅ የማይፈልገው ገንዘቡ ይመለስለት። ከዚያ አንድ ሰንጠረዥ ሥሪ፤ የትዕዛዝ ቁጥር፣ የተከፈለበት ቀን፣ የመላኪያ መከታተያ ቁጥር፣ የደረሰበት ቀን። የአቅራቢሽን ደረሰኝ አያይዢበት፤ የዕቃው ብዛት ከሽያጭሽ ጋር መግጠም አለበት። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ሽያጩ የጨመረው በቅድሚያ ትዕዛዝ ነው። ከ64ቱ 41 ደርሷል፣ 15 በመንገድ ላይ ነው፣ ለ8ቱ ለደንበኞቹ አማራጭ ሰጥቻለሁ። ማስረጃው ተያይዟል። ሌላ የሚያስፈልግ ሰነድ ካለ በስሙ ይግለጹልኝ።» የመጨረሻዋን መስመር አትተዪ፤ «በግምገማ ላይ ነው» ከማለት አልፈው የተወሰነ ነገር እንዲጠይቁሽ ታደርጋለች። የምትልኪው ደግሞ በዚያው በድሮው የጥያቄ ቁጥር ሥር ነው። አዲስ ጥያቄ በከፈትሽ ቁጥር ፋይልሽ ሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል።

የማለዳ ገበያ
ታገሺ ማለቴ ስህተት ነበር፣ ይቅርታ። የኔ ስም ችግር አልነበረበትም፣ ለዚያ ነው በራሱ የገባው።

ባለጫማዋ (ከ9 ቀን በኋላ)
ባንኬ በዚያው ሂሳብ ላይ የንግድ ስሙን አስገባልኝ። 38 ሺው ዛሬ ጠዋት ገባ፤ ግማሹን ወዲያው ለአቅራቢዬ ላክሁ። ከ8ቱ ደንበኞች 5ቱ እንጠብቃለን አሉ፣ ለ3ቱ መለስኩ። ከ46 ሺው የደረሱት ትዕዛዞች ድርሻ ተለቋል፤ የቀረው መንገድ ላይ ያሉት እስኪደርሱ ይቆያል ብለዋል። አሁን 10 በመቶውን እንዲቀንሱልኝ መጠየቅ ይቻላል?

ቀድሞ ገምጋሚ
ይቻላል፣ አሁን ግን አይደለም። ሦስት ወር ያህል ንጹሕ ታሪክ ይኑርሽ፤ ያን ጊዜ ስንት ትዕዛዝ በስንት ቀን እንዳደረስሽ አሳይተሽ ጠይቂ።

ትምህርት ሻጭ
እኔ በስድስተኛው ወር ጠይቄ እምቢ ብለውኛል፤ ምክንያቱንም አልነገሩኝም። ከተሳካልሽ እባክሽ ምን ብለሽ እንደጻፍሽ እዚህ አስቀምጪልን።