ለ17 ደቂቃ ማርፈድ የግማሽ ቀን ደመወዝ ይቆረጣል?

ጥያቄ አቅራቢ (የማተሚያ ቤት አስተዳደር)፦ መግቢያችን ጠዋት 2፡00 ነው፣ ቅዳሜም ሙሉ ቀን እንሰራለን። እስካሁን ከ15 ደቂቃ በላይ ያረፈደ የግማሽ ቀን ይቆረጥበት ነበር። አሁን የአሻራ ማሽን ስለገባ በደቂቃ እንቁረጥ እያልን ነው። ከባከነው ሰዓት በላይ ሳንቀጣ እንዴት እናስላው? ወይስ ከነጭራሹ መቁረጥ የለብንም?

ፔይሮል ሰሪ፦ የናንተ ሳምንት 48 ሰዓት ነው። በ52 ሳምንት አባዝተህ ለ12 ወር ስታካፍለው በወር 208 ሰዓት ይመጣል። ደመወዙ 10,400 ብር የሆነ ሰው ሰዓቱ 50 ብር ነው። 17 ደቂቃ ካረፈደ 14 ብር ከ17 ሳንቲም ነው፣ በቃ። እናንተ ግን 200 ብር ስትቆርጡበት ኖራችኋል። የቀረው 185 ብር ከ83 ሳንቲም የሰራበት ገንዘብ ነው!

አካፋዩን ደግሞ ልብ በሉ። ቅዳሜ እያሰራ በ22 ቀን የሚያካፍል ድርጅት አለ። በ176 ሰዓት ስታካፍለው የዚያው ሰው ሰዓት 59 ብር ከ09 ይሆናል። ያው 17 ደቂቃ 16 ብር ከ74 ገባ። ትንሽ ይመስላል፣ ግን በእያንዳንዷ ደቂቃ ላይ ነው የሚጨመረው።

የሕግ ተማሪ፦ ምን ሂሳብ ያስፈልጋል? አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 ከደመወዝ መቁረጥ ይከለክላል። ሰራተኛው በጽሑፍ ካልፈቀደ አንድ ሳንቲም አትነኩም።

ፔይሮል ሰሪ፦ ወንድሜ፣ ግማሹን ይዘኸዋል። ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካለም ይቆረጣል። አንቀጹ የሚጠብቀው ደግሞ ሰራተኛው ያገኘውን ደመወዝ ነው። ላልተሰራ 17 ደቂቃ አለመክፈል ሌላ፣ ከተሰራው ላይ መውሰድ ሌላ። ቢሆንም አሰራሩ በሥራ ደንባቸው ይጻፍ፣ ሰራተኛውም ቀድሞ ይወቀው።

የስፌት ሰራተኛ፦ እኔ ፋብሪካ ነው የምሰራው። ሰርቪሱ ራሱ ዘግይቶ 5 ደቂቃ አረፈድን፣ የወሩ የመገኘት ቦነስ ሙሉው ቀረ። ከደመወዝ አልተቆረጠም ይሉናል። እና ይሄ ቅጣት ካልሆነ ምንድነው?

ፔይሮል ሰሪ፦ እህቴ፣ ሰርቪሱ የድርጅቱ ከሆነ ያ ማርፈድ በናንተ ስም መመዝገብ አልነበረበትም። ቦነሱ ግን ከደመወዝ ውጭ የሚሰጥ ስለሆነ በውላችሁና በደንቡ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ሳይታይ መልስ የለኝም።

የጋራዥ ባለቤት፦ ለናንተ ቀላል ነው። እኔ ጋ አንድ መካኒክ ሲያረፍድ ሁለት ረዳት ቆሞ ይጠብቃል፣ ደንበኛም ይሄዳል። 14 ብር ከሆነ ዋጋው ከፍሎ ይተኛላ! በደቂቃ የምትሉት ሰዓት አክባሪውን ነው የሚጎዳው።

ፔይሮል ሰሪ፦ ጉዳትህ እውነት ነው ጋሼ፣ ግን ለዚያ ሌላ መንገድ አለህ። በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ እየተሰጠው ማስጠንቀቂያ ስምንት ጊዜ ያረፈደን፣ በቂ ምክንያት ከሌለው፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳትሰጥ ወዲያው ማሰናበት ሕጉ ይፈቅድልሃል። ከዚህ የበለጠ ምን ዱላ ትፈልጋለህ? አብዛኛው አሰሪ ደብዳቤ መጻፍ ስለሚሰለቸው በደመወዝ ይቀጣል።

ጥያቄ አቅራቢ፦ አመሰግናለሁ። ማሽኑን የተከለልን ልጅ በ15 ደቂቃ እያጠጋጋ እንዲቆጥር አድርጎታል። ይሄስ?

ፔይሮል ሰሪ፦ ዛሬውኑ አስጠፋው። አንድ ሰው በወር አምስት ቀን ሦስት ሦስት ደቂቃ ቢያረፍድ እውነተኛው 15 ደቂቃ ነው፣ 12 ብር ከ50። በየቀኑ ወደ 15 ሲጠጋጋ ግን 75 ደቂቃ ይሆንና 62 ብር ከ50 ይወስዳል። ትክክለኛዋን ደቂቃ መዝግቡ፣ ወር ሲያልቅ ደምራችሁ አንዴ አስሉ። ሌላው፣ 2፡00 ላይ በር የደረሰ ሰው ተሰልፎ 2፡06 አሻራ ቢያደርግ ስድስቷ ደቂቃ የማሽኑ ናት። የብዙ ሰው ስም ተከታትሎ 2፡04፣ 2፡05፣ 2፡06 ካየህ ሰልፍ ነበረ ማለት ነው።

ቅነሳው ደግሞ ግብር ከመሰላቱ በፊት ከጠቅላላ ደመወዝ ላይ ይሁን። ከተጣራው ላይ ካነሳችሁ ሰራተኛው ላልተቀበለው ገንዘብ ግብር ይከፍላል።

ግራፊክስ ዲዛይነር፦ እኔ ታክሲ አጥቼ 2፡20 ገብቼ 11፡20 ነው የምወጣው። ስምንት ሰዓቴን ሞልቻለሁ፣ ግን ይቆረጥብኛል።

ፔይሮል ሰሪ፦ አለቃህ እያወቀ ካሰራህ መቆረጥ የለበትም። ማሽኑ የጠዋቱን እየቆጠረ የማታውን የሚረሳ ከሆነ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚሰራው።

የጋራዥ ባለቤት፦ ዲዛይነር ብቻውን ይሰራ ይሆናል። እኔ ጋ 11፡00 ላይ መኪናው ወጥቷል፣ ረዳቱም ሄዷል። በ20 ደቂቃው ምን ሊሰራልኝ ነው? እዚህ ላይ አልስማማም።