መክፈቻው የገባውን ቃል ግጥሙ አልጠበቀም፤ ቶሎ ድረሱልኝ!

ስንኝ_ቋጣሪ፦ ነገ ማታ መድረክ ላይ ረጅም ተራኪ ግጥሜን አነባለሁ። መክፈቻው ላይ እንስቷን አምላክ ጠርቼ «የከተማዋን መፍረስ ዘምሪልን» ብያለሁ። ግጥሙ ግን ከተማዋ ሳትፈርስ ያልቃል! መጨረሻውን ልቀይር ወይስ መክፈቻውን? የምትችሉ ቶሎ በሉኝ።

ቆራጡ፦ መክፈቻውን ሰርዘው። ማን ይሰማዋል?

የድሮ_ተማሪ፦ ምንም ችግር የለውም። የጥንቱ ግሪክ ገጣሚ ሆሜርም በኢሊያድ ግጥሙ የትሮይ ከተማን መውደቅ ቃል ገብቶ በእንጨት ፈረሱ ጨርሷል።

መምህሩ፦ ፈረሱ ኢሊያድ ውስጥ የለም ወዳጄ፣ በሌላው ግጥሙ በኦዲሴይ ውስጥ ነው የሚወራው። የትሮይን መውደቅም መክፈቻው ቃል አልገባም። የመጀመሪያዎቹን 7 ስንኞች እያቸው። «የአኪሊስን ቁጣ ዘምሪ» ይልና የዚህ የግሪክ ጀግና ቁጣ ያመጣውን ይዘረዝራል፦ በገዛ ወገኖቹ ላይ የወረደ መከራ፣ ወደ ሙታን ዓለም የወረዱ ጀግኖች፣ ለውሻና ለአሞራ የተጣለ ሬሳ። ከዚያ ከግሪኮች አዛዥ ከአጋሜምኖን ጋር ከተጣሉበት ጊዜ ጀምሪ ይላታል። ስለ አሥር ዓመቱ ጦርነት አንድም ቃል የለም። አድማጭ የሚጠብቀው የቁጣውን መጨረሻ ነው፣ እሱንም ያገኛል። ከተማዋ ግጥሙ ሲያልቅም አልወደቀችም፤ ግን ማንም ተታለልኩ አይልም።

ነገር_ፈላጊ፦ ውሻና አሞራውስ? የትሮዩ ጀግና ሄክቶር በክብር ነው የተቀበረው።

መምህሩ፦ ጥሩ ነጥብ። አኪሊስ ሄክቶርን ገድሎ ሬሳውን ለውሾች እጥላለሁ ሲል ያ መክፈቻ ትዝ ይለናል። ሊያደርገው ነው ብለን እንሰጋለን። በመጨረሻው በ24ኛው ክፍል ግን ሽማግሌው አባት ፕሪያም መጥቶ ይለምነዋል፣ ሬሳውንም ይሰጠዋል። የመክፈቻው ማስፈራሪያ ባይኖር ያ ትዕይንት ግማሽ ኃይሉን ያጣ ነበር። ስለዚህ መጨረሻህን አትንካ። ግጥምህ በእርግጥ የሚከተለውን ነገር ፈልገህ መክፈቻው ላይ እሱን ጥራ። ከተማዋን ያዳነው የአንድ ሰው እልህ ከሆነ እልሁን በል።

አክስት_ብዕሬ፦ እኔም ለእህቴ ሠርግ አርባ ስንኝ ጽፌ መክፈቻው ላይ ሙሽራውን ረሳሁት። እስከ ዛሬ ያኮርፈኛል 😂

ቆራጡ፦ አሁንም ሰርዘው ነው የምለው።

ተጠራጣሪዋ፦ ከመነሻው ጥያቄው ልክ አይመስለኝም። መክፈቻ ማውጫ ነው ያለው ማነው? የኦዲሴይ መክፈቻ የፀሐይን አምላክ ከብቶች ስለበሉት የጀግናው የኦዲሴየስ ጓዶች ያወራል፣ እነሱ 12ኛው ክፍል ላይ ያልቃሉ። የኦዲሴየስን ቤት የወረሩት የሚስቱ ፈላጊዎች ግን የግጥሙን ሁለተኛ ግማሽ ይዘው ሳለ መክፈቻው ላይ ስማቸው እንኳ አይነሳም። እኔ ብሆን ስንኙን እንዳለ እተወዋለሁ። ሰው ከተማዋ ትፈርሳለች ብሎ ይፍራ።

መምህሩ፦ ያ ግን ያልተነገረ ነገር ነው እንጂ የተነገረ ውሸት አይደለም። «መፍረሷን ዘምሪ» ካልክ መፍረሷ የታወቀ ነገር ሆነ፤ አድማጭ የሚፈራው አይቀርለትም፣ እስኪፈርስ ይጠብቃል እንጂ።

ተጠራጣሪዋ፦ «ልትፈርስ የደረሰችበትን ቀን ዘምሪ» ቢልስ?

ነገር_ፈላጊ፦ ይሄ ይሻላል። ቋጣሪ፣ እስቲ የመጀመሪያዎቹን አራት ስንኞች እዚህ ለጥፍልን። ቤት መምታቱንም እንይልህ።

ቆራጡ፦ ለመለማመድ ሄዷል መሰለኝ።