አስቸኳይ፦ የደመወዝ በጀቴና ፔይሮሉ በ28 ሺህ ብር ተለያዩብኝ

የአራዳዋ (ጠያቂ)
ቶሎ የምትመልሱልኝ ካላችሁ እባካችሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተስተካከለ በጀት ለለጋሹ መላክ አለብኝ። 3 የመስክ ሠራተኛ በ15,000፣ 1 ጥበቃ በ6,000። 7% ጡረታ ደምሬበት በወር 54,570 ብር ያዝኩ። ሒሳብ ሠራተኛችን የመጀመሪያውን ፔይሮል ሠርታ 82,757 ነው የሚያስፈልገው አለችኝ። እሷ አሁን ማክሰኚት ናት፣ ስልኳ አይሠራም። የተሳሳተው ማን ነው?

የማራኪ ልጅ
አንቺም እሷም። የቀጣሪ ድርሻ 11 እንጂ 7 አይደለም። 51,000 በ1.11 ሲባዛ 56,610 ነው። 82 ሺህ ከየት መጣ? ደግማ ትሥራው።

ቋራ
ጡረታ በጠቅላላው 18% ነው። 18 ደምሪበትና ተገላገዪ።

ጡረተኛው
ልጆቼ፣ ረጅም ዘመን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ ስከፍል ኖሬያለሁ። በመንግሥትም ቢሆን ከሠራተኛው 7፣ ከመሥሪያ ቤቱ 11 ነው። አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። በጀት ሲጠብባችሁ መነሻ ደመወዙን ዝቅ፣ አበሉን ከፍ አታድርጉ። መዋጮው የሚታሰበው በመነሻ ደመወዝ ላይ ስለሆነ ዛሬ ትንሽ ብር ይተርፍ ይሆናል። የሰውየው ጡረታ ግን የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ያን ጊዜ አበሉ የለም። ይህን የተደረገባቸው ሰዎች ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ፔይሮል ሠሪ
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ የእህታችን ችግር ግን ሌላ ይመስለኛል። የአራዳዋ፣ የቅጥር ውሉን አውጪና እዪው። 15,000 የሚለው ጥቅል ደመወዝ ነው ወይስ የተጣራ?

የአራዳዋ (ጠያቂ)
አሁን አየሁት። «በእጅ የሚደርስ የተጣራ 15,000» ይላል። የጥበቃውም እንደዚያው ነው። ምን ለውጥ አለው?

ፔይሮል ሠሪ
ሁሉ ነገር እዚያ ላይ ነው። ሒሳብ ሠራተኛሽ ልክ ናት።

የተጣራ ብላችሁ ከተዋዋላችሁ የሠራተኛው የገቢ ግብርና የራሱ 7% በእናንተ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ስለዚህ ግብሩና 7ቱ ሲነሱለት 15,000 የሚቀረውን ጥቅል ደመወዝ ወደ ኋላ ሄደሽ መፈለግ አለብሽ። ከ14,000 በላይ ለሆነ ጥቅል ደመወዝ ግብሩ 35% ሆኖ 2,050 ይቀነስለታል። ጡረታው 7% ነው። ሁለቱ 42% ናቸው፣ ለሠራተኛው 58% ሲደመር 2,050 ይቀራል። በኤክሴል የተጣራው B2 ላይ ካለ፦

```
C2: =(B2-2050)/0.58
D2: =C2*1.11
```

ለ15,000 ጥቅሉ 22,327.59 ይመጣል። ከዚያ ላይ ግብር 5,764.66፣ ጡረታ 1,562.93 ሲነሳ ልክ 15,000 ይቀራል። የእናንተ 11% ደግሞ በጥቅሉ ላይ ነው፣ 2,456.03። አንድ የመስክ ሠራተኛ በወር 24,783.62 ያስወጣችኋል። አንቺ የያዝሽለት 16,050 ነበር።

18 ደምሪ ላላችሁት፦ 7ቱ ከሠራተኛው ደመወዝ ውስጥ የሚወጣ ነው። ጥቅሉን በትክክል ከያዛችሁት 7ቱ እዚያው ውስጥ አለ። 18 ስትደምሩ ሁለት ጊዜ ትይዙታላችሁ።

ቋራ
ገባኝ። እኔ ጋ ያለው ፎርሙላ ግን 2050 ሳይሆን 1500 ይላል።

ፔይሮል ሠሪ
ያ የድሮው ነው። አዲሱ የግብር እርከን ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ይሠራል። በ1500 ብትሠራው 23,275.86 ይመጣና ወደ 950 ብር ከሚያስፈልገው በላይ ትይዛለህ። እንደዚያ ያለ በጀት ኦዲት ላይ ጥያቄ ያመጣል።

የአራዳዋ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የጥበቃውንም በዚያው ፎርሙላ ሠራሁት፣ ጥቅሉ 6,810 መጣ። በ1.11 አባዝቼ ሁሉንም ስደምር ግን 81,910 ነው የሚሆነው። 82,757 አልሆነልኝም።

ፔይሮል ሠሪ
ፎርሙላው የሚሠራው የተጣራው ከ10,170 በላይ ሲሆን ነው። ጥበቃው ሌላ እርከን ውስጥ ነው ያለው። ከ7,000 በላይ እስከ 10,000 ግብሩ 25% ሆኖ 850 ይቀነሳል። ስለዚህ 850 ቀንሰሽ ለ0.68 አካፍዪ። 7,573.53 ይመጣል፣ ከናንተ 11% ጋር 8,406.62። አሁን ደምሪው።

ስህተቱን በቀላሉ ታውቂዋለሽ። ያገኘሽውን ጥቅል መልሰሽ በግብር ሰንጠረዡ አስኪጂው። 6,810ን ብታስኪጂው ለሰውየው 5,471 ብቻ ነው የሚደርሰው። የተጣራው መልሶ 6,000 ካልመጣ እርከኑን ስተሻል።

የማራኪ ልጅ
እኔ አሁንም «የተጣራ» ብሎ መዋዋሉ ራሱ ነው ስህተቱ እላለሁ። ነገ ግብር ቢጨምር ፕሮጀክቱ ነው የሚከፍለው። ውሉን ወደ ጥቅል ቀይሩት።

ፔይሮል ሠሪ
ለሚቀጥለው ቅጥር ትክክል ነህ። ለእነዚህ ግን 22,327.59ን ጥቅል ብላችሁ በስምምነት ብትጽፉት ነው የሚሆነው። 15,000ን ጥቅል ነው ብትሏቸው በእጃቸው የሚደርሰው 10,750 ይሆናል። ተፈርሞ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ይህን በራሳችሁ ማድረግ አትችሉም።

እናት አዘዞ
የኔን ጉዳይ ልንገራችሁ፣ እሷም እንዳይደርስባት። ያለፈው ፕሮጀክታችን ላይ የመስክ ሠራተኛችን ወለደች። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ለሷ መክፈሉስ ነበረን። ለተተኪዋ ግን በጀት ላይ አንድ ብር አልያዝንም። ደንቢያ ያሉት ቡድኖች አራት ወር ሙሉ ያለ ሰው ቀሩ። አሁን ሴት ሠራተኛ ባለችበት ሁሉ የተተኪ ደመወዝ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

የጭልጋው
11% ደምሪ በቃ፣ ምንድን ነው እንዲህ ያስጨነቀሽ።

ፔይሮል ሠሪ
ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብበው።

የአራዳዋ፣ ሌላም አለ። የትራንስፖርት አበል የምትሰጧቸው ከሆነ ለብቻው መስመር ያዢለት። ጡረታ አይታሰብበትም። ከግብር ነጻ የሚሆነው ግን መመሪያው ባስቀመጠው ጣሪያ ልክ ብቻ ነው፣ ከዚያ ያለፈው ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ይገበራል። ያኔ ያ 58% ሒሳብ ይፋለሳል። የመስክ ውሎ አበሉንም ከደመወዝ መስመር አውጪው፣ በቀናት ቁጥር ነው የሚበጀተው።

እናት አዘዞ
የሥራ ስንብት ክፍያስ? እኛ ለአንድ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ እንይዛለን።

የማራኪ ልጅ
ጡረታ እየተከፈለለት፣ የተወሰነ ጊዜ ውሉም በጊዜው ሲያልቅ ምን ስንብት አለ?

ፔይሮል ሠሪ
እዚህ ላይ ሰዎች ሁሌ ይከራከራሉ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስንብት የሚከፈልባቸው ምክንያቶች ተዘርዝረዋል። ውል በጊዜው ሲያልቅ ይካተታል አይካተትም የሚለውን ከሕግ ባለሙያ ጋር ተነጋገሩበት። ክርክር የሌለበት ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ካልወጡ ውሉ ሲያልቅ በገንዘብ ይከፈላል። ወይ በጀት ያዙለት፣ ወይ ፕሮጀክቱ ሳይዘጋ አስወጧቸው።

የአራዳዋ (ጠያቂ)
ጥበቃውን አስተካክዬ ደመርኩ። 82,757.48! ቁርጥ እሷ ያለችው። በ12 ወር ከያዝኩት ጋር ልዩነቱ 338,249.76 ብር ነው። ለጋሹ ከስልጠና መስመር ወደ ደመወዝ ማዛወር ይፈቅድ ይሆን?

እናት አዘዞ
ስምምነታችሁ ላይ በመስመሮች መካከል ያለ ፈቃድ ስንት ፐርሰንት ማዛወር እንደሚቻል የሚል አንቀጽ ካለ እዪ። ከዚያ ካለፈ ሳትነኪ መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቂ። የ15,000ውን ሒሳብ ከነግብሩ ከደብዳቤው ጋር አያይዥው። ምን መለሱልሽ? ንገሪን።