ሰይድ በሦስት መልክ፦ ፓስፖርቱ ይቅደም ወይስ ዲፕሎማው?

ቦሩ ሜዳ (ጠያቂው)፦ ስሜን ትንሽ ቀየር አድርጌ ልጻፈው። በአማርኛ ሰይድ እንድሪስ ይማም ነኝ። ዲፕሎማዬ Seyid Endris Yimam ይላል። ፓስፖርቴ SEID INDRIS YIMAM ነው። የባንክ ደብተሬ ደግሞ Said Endris Yimam። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ ዶሃ ሥራ አግኝቼ ነበር። ማስረጃ አጣሪዎቹ «ይህ ሌላ ሰው ነው» ብለው ፋይሌን መለሱት። የትኛውን ላስተካክል?

ገራዶ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ይሄ ቀላል ነው። ፍርድ ቤት ሄደህ ስም ታስለውጣለህ። ምስክር ሁለት ሰው ይዘህ ትሄዳለህ፣ ይወሰንልሃል፣ በውሳኔው ሁሉንም ታስተካክላለህ። የአጎቴ ልጅ እንደዚያ ነው የጨረሰው።

የመዝገብ ቤቷ (ኮምቦልቻ)፦ ገራዶ፣ የአጎትህ ልጅ ምናልባት ስሙን ለውጦ ይሆናል። ይሄ ልጅ ግን ምን ለወጠ? በአማርኛ ከተወለደ ጀምሮ ሰይድ ነው። ፍርድ ቤት ሄዶ «ስሜ ከSeyid ወደ Seid ተለውጧል» የሚል ወረቀት ካወጣ፣ ያልነበረ ለውጥ ፈጠረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየፎርሙ «የቀድሞ ስም አለህ ወይ?» ሲባል አለኝ ማለት ሊኖርበት ነው። ኮሌጅ ሬጅስትራር ቤት ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ያንን ውሳኔ ይዘው የሚመጡ ልጆች ጉዳያቸው ከበፊቱ ሲወሳሰብ አይቻለሁ። ፍርድ ቤት የሚያስፈልገው ሌላ ስም ስትይዝ ነው። የፊደል ልዩነት በደብዳቤ ያልቃል።

ገራዶ፦ እሺ እትዬ፣ አንቱ ያውቃሉ። ግን በደብዳቤ ያልቃል ሲሉ ማን ይቀበለዋል? እኛ አገር ማኅተም ያለው ውሳኔ ነው የሚፈራው።

የመርሳዋ፦ ኧረ የእኔስ! ጅዳ ስሄድ ደላላው በአያቴ ስም ቦታ የማላውቀውን ሰው ስም አስገብቶ ፓስፖርት አወጣልኝ። ዕድሜዬንም አራት ዓመት ጨመረበት። ተመልሼ ስመጣ ባንኩ አላውቅሽም አለኝ። እኔም በደብዳቤ ያልቅልኛል ማለት ነው?

የመዝገብ ቤቷ፦ አያልቅልሽም፣ እቱ። አሁን ለገራዶ ያልኩትን ላንቺ ገልብጠሽ ውሰጂው። የአንቺ ችግር የፊደል አይደለም። ሌላ ሰው ስም ነው የገባው፣ ዕድሜም ተነክቷል። አንቺ የልደት ምዝገባሽን ይዘሽ ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሪ፤ የፍርድ ቤቱ መንገድ የአንቺ ሊሆን ይችላል። የልጁን ጉዳይ ከዚህ ጋር ማደባለቅ ግን አያስፈልግም።

ፊደለኛው (ደሴ ፒያሳ)፦ እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ቅርንጫፉን ነው የሚቆርጠው። ሥሩ ሌላ ነው። አማርኛን በላቲን የምንጽፍበት ሁሉም ቢሮ የሚገዛበት አንድ ደንብ የለንም። «እ»ን አንዱ መምህር E ይላታል፣ ሌላው የኮምፒውተር ሠራተኛ I። «ሰይድ» ላይ ያለችው «ይ» አናባቢ ናት ወይስ ተነባቢ? አንዱ Seid፣ አንዱ Seyd፣ አንዱ Seyid። ሦስቱም አልተሳሳቱም! መንግሥት አንድ ሰንጠረዥ ያውጣ፣ ሁሉም ቢሮ በዚያ ይጻፍ። ያኔ ይሄ ጥያቄ አይኖርም።

ቆጣሪው (ወልድያ፣ ባንክ)፦ ሰንጠረዥ እኮ አለ። ለካርታ ሥራ አሜሪካኖችና እንግሊዞች በ1967 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጡት አለ። የተባበሩት መንግሥታትም ለቦታ ስም የተቀበለው ሥርዓት አለው። ግን የደሴ ልጅ ሆነህ Desē ብለህ ጽፈህ ታውቃለህ? ካርታው ላይ እንደዚያ ነው። ከተማዋ በር ላይ Dessie ትላለች። ደንብ ማውጣትና ሰው እንዲጽፍበት ማድረግ ይለያያል።

ፊደለኛው፦ ለከተማ ባይሠራ ለሰው ይሠራል። ፓስፖርት ላይ ግዴታ ብታደርገው ማን ይከራከራል?

ቆጣሪው፦ ፓስፖርቱ ራሱ ይከራከርሃል። በዚያ የካርታ ደንብ «ቃሲም» K'asim ነው፣ «ካሲም» ደግሞ Kasim። ልዩነቱ ያቺ ጭረት ናት። የፓስፖርቱ ፎቶ ካለበት ገጽ ታች ያሉትን ሁለት መስመሮች አይተሃል? ማሽን የሚያነባቸውን። እዚያ ስም የሚጻፈው ከA እስከ Z ባሉት ፊደሎች ብቻ ነው። ጭረቷ ትጣላለች። ሁለቱም KASIM ሆነው ያርፋሉ። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የፓስፖርት መመሪያ ለዐረብኛና ለሩሲያ ፊደል የመቀየሪያ ሰንጠረዥ አስቀምጧል፣ ለእኛ ፊደል ግን የለውም። ደግሞስ ያ ደንብ ቢጸድቅ እንድሪስ Indris ይሆናል። በወሎ Endris ብሎ የተመረቀው ሁሉ በአንድ ቀን ሌላ ሰው ሊሆን ነው እንዴ?

ፊደለኛው፦ ከዛሬ ጀምሮ ለሚወለዱት አልኩ እንጂ ለተመረቁት መቼ አልኩ።

ቆጣሪው፦ የሚወለደው ልጅ አባት ግን Endris ነው። ልጁ ፓስፖርት ሲያወጣ የአባቱ ስም Indris ይባል? አባቱ አገር ውጭ ሆኖ ልጁን ልውሰድ ቢል አጣሪው «አባትህ የትኛው ነው?» ይለዋል። እኔ ልጆቼን ሳስመዘግብ የራሴን ፓስፖርት አስቀምጬ ፊደል በፊደል ነው የገለበጥኩት። ያማረ አይደለም፣ ግን አንድ ነው።

ፊደለኛው፦ እኔ አልስማማም። ስህተት በውርስ አይተላለፍም።

የመዝገብ ቤቷ፦ ልጆች፣ የእናንተን ክርክር ለማታ አስቀምጡት። ልጁ ሥራው እያመለጠው ነው። ቦሩ ሜዳ፣ አንድ ነገር ልብ አላልክም። ከሦስቱ አጻጻፎች ሁለቱ የአጻጻፍ ልዩነት ናቸው። የባንኩ Said ግን ሌላ ስም ነው። ዶሃ ላይ Said ያየ ዐረብ ዐይን በምትባለው የዐረብኛ ፊደል የሚጻፈውን ሰዒድን ነው የሚያነበው፣ ደስተኛ ማለት የሆነውን። የአንተ ስም ዐይን የለበትም፤ በሲን፣ በያና በዳል የሚጻፈው ሰይድ ነው። ከዚያ Said የሚል ወረቀት ወደ ዐረብኛ ሲመለስ ሌላ ሰው ይሆናል። Seyid እና Seid ግን ምንም ቢባል አንድ ስም ላይ ያደርሳሉ። ስለዚህ ባንኩን ከምንም በፊት አስተካክል።

ቆጣሪው፦ ባንኩ ላይ ትክክል ናቸው፣ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ልጨምር። ወንድሜ፣ ቀጥታ ወደ ባንክ አትሂድ። መጀመሪያ ፋይዳህን አውጣና የላቲን ስሙን አንብብ። አሁን ባንክ ስምህን የሚያመሳክረው ከፋይዳ ነው። ፋይዳው Seyid ካለ፣ ፓስፖርት ብታሳየኝም ሲስተሙ Seyid ነው የሚያመጣልኝ። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ ምረጥ፣ ፋይዳውን በማስረጃ ወደዚያ አስቀይር፣ ከዚያ ባንክ መጥተህ የደንበኛ መረጃ ማሻሻያ ፎርም ሙላ። የሒሳብ ቁጥርህ አይቀየርም። ስሙ ብቻ ነው። ዘመዶችህ ከውጭ ሲልኩ ግን አዲሱን አጻጻፍ ንገራቸው፤ በአንድ ፊደል ገንዘብ ሲታገድ ስንቴ አይቻለሁ።

ቦሩ ሜዳ፦ አሁን ፋይዳዬን አየሁት። Seid Endris Yimam ይላል! አራተኛ መልክ አገኘሁ። ሳቅም እንባም መጣብኝ።

የመርሳዋ፦ እናንተዬ፣ አንድ ሰው አራት ሰው ሆነ!

ገራዶ፦ እንግዲያውስ ቁጠሩት። Endris ያለው ዲፕሎማው፣ ባንኩ፣ ፋይዳው። Indris ያለው ፓስፖርቱ ብቻ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀትህስ?

ቦሩ ሜዳ፦ እሱም Seyid Endris ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ የክፍል ኃላፊያችን የጻፉት ነው፣ ከዚያ እየተገለበጠ ዲፕሎማ ድረስ መጣ።

ገራዶ፦ በቃ፣ ፓስፖርቱ ነው የሚስተካከለው። አራት ለአንድ።

የመዝገብ ቤቷ፦ እኔ በድምፅ ብልጫ አላምንም። ፓስፖርት ላይ ቪዛ፣ ማኅተም፣ ኢቃማ ካለ ያ አጻጻፍ ውጭ አገር ፋይል ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ስትለውጠው የድሮው አንተና አዲሱ አንተ ተለያያችሁ። ዲፕሎማ ግን ታሪክ ነው፤ በተመረቅህበት ቀን የተጻፈው ይቆያል። ዩኒቨርሲቲም ዲፕሎማ ደግሞ አይጽፍልህም። የሚሰጥህ ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤው ላይ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። «ስሙ በስህተት ተጽፏል» ተብሎ እንዳይጻፍ። ስህተት ካለ ዲፕሎማው ራሱ ይጠረጠራል። እንዲህ ይጻፍልህ፦ በአማርኛ ሰይድ እንድሪስ ይማም የተባሉት ተማሪያችን፣ የመታወቂያ ቁጥራቸው ይህ፣ የትምህርት ክፍላቸው ይህ፣ የተመረቁበት ዓመት ይህ፤ በዲፕሎማቸው Seyid Endris Yimam ተብሎ የሰፈረው እና ባቀረቡት ፓስፖርት ላይ SEID INDRIS YIMAM ተብሎ የሚታየው የአንድ የአማርኛ ስም ሁለት አጻጻፎች ናቸው። የፓስፖርት ቁጥሩ ይግባ። የልደት ቀንህ በሁለቱም አንድ መሆኑን አስቀድመህ አረጋግጥ። እሱ ከተለያየ ደብዳቤው አያድንህም።

ሬጅስትራሩ ለፓስፖርቱ ምስክር ልሁን አይልም፤ «ባቀረቡት» የምትለው ቃል ለዚያ ነው። ከተቻለም ደብዳቤው በእጅህ ሳይሆን ከቢሮው ኢሜይል ቀጥታ ወደ አጣሪዎቹ ይሂድ። በእጅ የመጣ ወረቀት ሲመለስ አይቻለሁ።

ቦሩ ሜዳ፦ እትዬ፣ ፓስፖርቴ ላይ ምንም ቪዛ የለም። ባዶ ነው። ደግሞ ሊያልቅበት ሰባት ወር ነው የቀረው።

የመዝገብ ቤቷ፦ ይህን አሁን ትነግረኛለህ? ይሄማ ነገሩን ይቀይረዋል። ባዶ ፓስፖርት ከሆነና ሊታደስ ከሆነ፣ ገራዶ ሳያውቅም ቢሆን ልክ ነው።

ገራዶ፦ ሳላውቅ!

የመዝገብ ቤቷ፦ በምክንያቱ አይደለም፣ በመልሱ ነው። ግን ቦሩ ሜዳ፣ እድሳት ብቻ ብለህ ብትገባ የድሮው መረጃ ነው የሚገለበጠው። ማረም እፈልጋለሁ ብለህ ዲፕሎማውንና የልደት ምስክር ወረቀትህን ይዘህ ግባ። የልደት ወረቀትህ በላቲን ምን እንደሚል ደግሞ ዛሬ ማታ እየው። አምስተኛ መልክ ካመጣህ እኔ እዚህ የለሁም።

ቆጣሪው፦ እኔ ግን እጠራጠራለሁ። የዶሃ ቀጣሪው የሥራ ስምምነቱን በየትኛው ስም ነው የጻፈው?

ቦሩ ሜዳ፦ በፓስፖርቱ። SEID INDRIS።

ቆጣሪው፦ እንግዲህ ተመልከቱ። አሁን ፓስፖርቱን ቢቀይር ስምምነቱ ከአዲሱ ጋር አይገጥምም። ቪዛ ሲወጣ ደግሞ ችግር። እኔ ብሆን ይሄን ሥራ በድሮው ፓስፖርትና በደብዳቤው እጨርሰው ነበር።

ገራዶ፦ ሰባት ወር በቀረው ፓስፖርት? ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ይሁን የሚል አገር ብዙ ነው። እስኪጨርስ ያልቅበታል።

የመዝገብ ቤቷ፦ ቀጣሪውን ጠይቀው። «ፓስፖርቴን ላድስ ነው፣ ስምምነቱን በአዲሱ አጻጻፍ ትጽፉልኛላችሁ?» በለው። የእሱን መልስ ሳታውቅ የትኛውም ቢሮ በር አትርገጥ። ከባንኩ በቀር። Said የምትለዋን ነገ ጠዋት አስነሳት፣ ፋይዳው ላይ ያለው Seid በቂ ነው።

ቦሩ ሜዳ፦ ባንኩን ነገ እሄዳለሁ። ለቀጣሪው አሁን ጻፍኩለት። የልደት ወረቀቴ አባዬ ጋ ነው ያለው፣ ሐይቅ። እሱ ደግሞ Yemam ይል ይሆናል ብዬ ፈርቻለሁ።