«ሳጥን አይዋሽም» ያልከው ሰውዬ፣ ወዲህ በል

«አዘዞ በኩል ዋልካ ቆርጠን መንገድ ስናወጣ የአፈሩን ጥንካሬ ለመለካት የዳይሬክት ሺር ሳጥን ይበቃል። ትራያክሲያል ገንዘብ ማባከን ነው። ሳጥን አይዋሽም።» (ትናንት እዚሁ የተጻፈ)

ማራኪ፦ ይህን አንብቦ ሁሉም ዝም አለ? ሳጥኑን የሚያስዋሸው የምትነዳው ሰውዬ ነህ። በደቂቃ 1 ሚሊሜትር ከነዳኸው አፈሩ እስኪሸረፍ የሚጓዘው 5 ሚሊሜትር በ5 ደቂቃ ያልቃል። የዋልካ ውሃ በ5 ደቂቃ የት ይደርሳል? አፈሩ ውስጥ ያለውን የውሃ ግፊት፣ ፖር ፕሬዠሩን፣ እንዳታይ ደግሞ ሳጥኑ መለኪያ የለውም።

ባለሳጥኑ፦ «ያስዋሻል» ነው ያልከው? እኛ በአሸዋ ሞክረነዋል። ከትራያክሲያሉ ጋር ተቀራራቢ ነው የመጣው።

ማራኪ፦ አሸዋ ውሃውን ወዲያው ይለቃል፤ ስለ ዋልካ ነው የማወራህ። ከኮንሶሊዴሽኑ ንባብ t50፣ ማለትም አፈሩ ተጨምቆ ግማሽ የሚደርስበት ጊዜ፣ 10 ደቂቃ መጣ እንበል። ለመሸረፊያው ጊዜ በ50 ስታባዛው 500 ደቂቃ፣ ማለትም ከ8 ሰዓት በላይ ነው። 5 ሚሊሜትሩን ለዚያ ስታካፍለው በደቂቃ 0.01። አንተ 100 እጥፍ ፈጥነሃል! ጠንካራ ዋልካ ሲሸረፍ መስፋት ይፈልጋል፣ ውሃ ይስባል። ውሃው ካልደረሰለት ከእውነቱ በላይ ጠንካራ መስሎ ይነበባል። ተዳፋቱ ግን ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ ውሃውን ያገኛል።

ቀበሌ 18፦ ይቅርታ፣ የእኔ የግቢ አጥር በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ይገጥማል። የትኛውን ላስመርምር?

ማራኪ፦ እህቴ፣ ያ የእብጠት ጉዳይ ነው። ሁለቱም አይነግሩሽም።

አሮጌው መሐንዲስ፦ ልጆች፣ ትራያክሲያሉንም አታምልኩት። 38 ሚሊሜትር ናሙና ውስጥ የትኛው ስንጥቅ ይገባል? ዋልካ የሚንሸራተተው በሚያብረቀርቁት ስንጥቆቹ ነው። ስንጥቅ ያለው ናሙና ሲዘጋጅ ይፈርሳል፣ ይጣላል፤ ደህናው ይፈተናል። ሪፖርቱ የደህናዎቹ ብቻ ይሆናል። ቀድሞ የተንሸራተተ ተዳፋት ከሆነማ ሳጥኑን ወዲያና ወዲህ እየመለሱ ቀስ ብሎ ማሸት ነው። የቀረችው ጥንካሬ በዚያ ትገኛለች። ትራያክሲያል ያን ያህል አይጓዝም።

ባለሳጥኑ፦ ይኸው! ጋሼ ራሳቸው መሰከሩ። አይዋሽም ብያለሁ።

አሮጌው መሐንዲስ፦ እኔ ቀስ ብሎ አልኩ እንጂ በ5 ደቂቃ አላልኩም።

ማራኪ፦ ጋሼ፣ ስንጥቁን እቀበላለሁ። ግን ሳጥኑም 60 በ60 ሚሊሜትር ነው፣ እሱስ ስንት ስንጥቅ ይይዛል? አፈሩ ደካማ ጎኑን ይምረጥ እንዳይባልም የሚቆረጥበትን መስመር ሳጥኑ ራሱ መርጦለታል።

አሮጌው መሐንዲስ፦ ስንጥቁን በዚያ መስመር አስተኝተህ ብትቆርጠውስ?

ማራኪ፦ የቱ ላብ እንደዚያ ይለፋል ጋሼ?

ባለሳጥኑ፦ ማራኪ መቼም ቢሮ ተቀምጦ ነው። ሳይት ላይ 8 ሰዓት የሚጠብቅህ ኮንትራክተር የለም።

ማራኪ፦ እሺ፣ የሪፖርትህን ገጽ ለጥፍና የነዳህበትን ፍጥነት እንየው።

ባለሳጥኑ፦ ሪፖርቱ የባለቤቱ ነው። ደግሞ ፍጥነት አይጻፍበትም።

ማራኪ፦ አይጻፍበትም?!