ያዕቆብ፣ ጄምስ፣ ጃኮሞ፦ አንድ ስም ናቸው?

አዳሜዋ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለቤቱ። እህቴ ጣሊያን አገር ናት፣ ወንድ ልጅ ልትወልድ ነው። በአያታችን በያዕቆብ ስም ልትጠራው አስባለች። ባሏ ጣሊያናዊ ነው፤ «በእኛ Giacomo ነው የሚባለው» ይላል። አማቷ ደግሞ «የለም፣ Giacobbe ነው» ትላለች። እኔ እዚህ አዳማ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጬ ሳይ የያዕቆብ መልእክት «ጄምስ» ሆኖ አገኘሁት። ማነው ልክ?

ሹፌሩ፦ እህቴ፣ ዋናው የሰነዱ ጉዳይ ነው። እኔ ይስሐቅ ነኝ። ፓስፖርቴ ላይ Yishak፣ የትምህርት ማስረጃዬ ላይ Isaac ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱ የአንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ስንት ቢሮ ተመላልሻለሁ። ምረጡና አንዱ ላይ ጽኑ።

አዳሜዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ግን ልጁ ገና አልተወለደም። እኔ የጨነቀኝ የትኛው የአያቴ ስም እንደሆነ ነው።

የሞጆ ልጅ፦ ጄምስ የሚለውን ያመጣው የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ነው። በ1611 እ.ኤ.አ. የወጣውን መጽሐፍ ቅዱስ ሲያስተረጉም የራሱን ስም አስገባበት። ያዕቆብ የነበረው ያኔ ተቀየረ።

ሰዋስው፦ የሞጆ ልጅ፣ ንጉሡ ማስተርጎሙ እውነት ነው፤ ስሙን ማስገባቱ ግን ተረት ነው። ከእሱ ከ200 ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዊክሊፍ ስም የሚታወቀው የእንግሊዝኛ ትርጉም ጄምስ ብሎ ጽፏል።

አዳሜዋ፣ ባሏም አማቷም ልክ ናቸው። መንገዱ የተከፈለው ግሪክ ላይ ነው። በዕብራይስጡ ስሙ አንድ ነው፤ የይስሐቅ ልጅም ሐዋርያውም በዚያው ይጠራሉ። እኛም በግዕዙ እንዳለ ይዘነዋል። «ዕ»ን በአማርኛ ብንጽፈውም አናሰማውም፤ ትግርኛና ዓረብኛ ግን እስከ ዛሬ ከጉሮሮ ያወጡታል። ግሪኮች ይህ ድምፅ ስለሌላቸው ጣሉት፣ «ቆ»ንም «ኮ» አደረጉት።

ዋናው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የጥንቱን አባት «ያኮብ» ብለው ያለምንም ጭማሪ ተዉት። በአዲስ ኪዳን ዘመን ለነበሩት ሰዎች ግን እንደ ግሪክ ወንድ ስም መጨረሻው ላይ «ኦስ» ቀጠሉና «ያኮቦስ» አሉ። ላቲን ሁለቱንም ተቀበለ፤ ባዶውን «ያኮብ»፣ ጭራ ያለውን «ያኮቡስ» አለው።

ባዶው ብዙም አልተለወጠም። የእንግሊዝኛው ጃኮብና የአማቷ ጃኮቤ የእሱ ልጆች ናቸው። ጭራ ያለው ግን በሰው አፍ ላይ ተንገላታ። «ብ» እና «ም» ሁለቱም ከንፈር ገጥሞ የሚወጡ ናቸው፤ ስለዚህ «ያኮቡስ» ጎን «ያኮሙስ» የሚል አነጋገር ተፈጠረ። መነሻው «ያ» ጣሊያንና ፈረንሳይ ላይ «ጃ» ሆነ። ጣሊያን «ጃኮሞ» ብሎ አቆመ። ፈረንሳዮች መሐሉን ውጠው «ጄምስ» ያሉትን እንግሊዞች ወሰዱት። «ብ»ዋ ግን ጨርሳ አልጠፋችም፦ በ1688 ከዙፋኑ የተባረረው የሁለተኛው ጄምስ ደጋፊዎች «ጃኮባይት» ነው የተባሉት፤ ስማቸው ከላቲኑ ስለተወሰደ።

አዳሜዋ፦ ገባኝ። ታዲያ የአያቴ የትኛው ነው?

ሰዋስው፦ በእኛ ቋንቋ ልዩነት ስለሌለ ስሙ ብቻውን አይነግርሽም። በማን እንደተሰየሙ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ጠይቁ። በአባታችን በያዕቆብ ከሆነ Giacobbe፣ በሐዋርያው ከሆነ Giacomo። ግን Giacobbe ዛሬ ለልጅ እምብዛም አይወጣም፣ ትምህርት ቤት ልጁን እንግዳ ያደርገዋል። ለእኔ Yacob ይሻላል። ጣሊያኖች «ያኮብ» ብለው ያነቡታል፣ አያታችሁም ቢሰሙት ዞር ይላሉ።

ጫልቱ፦ በቁቤ እኮ Yaaqoob ነው፣ «ቆ»ዋም አልጠፋችም 😄

ሰዋስው፦ ልክ ነሽ፣ ከሁሉም ለዕብራይስጡ ይቀርባል። ግን ጣሊያን ውስጥ q ያለ u ስለማይመጣ ጸሐፊው «ተሳስታችኋል» ብሎ እንዳያርመው ያስፈራል።

የሞጆ ልጅ፦ በንጉሡ ነገር ተረታሁ። እሺ የማራዶናስ? ዲዬጎም ያዕቆብ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሰዋስው፦ እሱ ያከራክራል። «ሳንቲያጎ» ግልጽ ነው፤ «ሳንት ያጎ»፣ ቅዱስ ያዕቆብ ማለት ነው። ሰው አጉል ቦታ ላይ ቆርጦ «ሳን ቲያጎ» አለውና «ቲያጎ» የሚል ስም ወጣ። ብዙዎች ዲዬጎንም ከዚያው ያመጡታል። ሌሎች ግን በድሮ የላቲን ሰነዶች ዲዬጎ የተባሉ ሰዎች «ዲዳኩስ» ተብለው መጻፋቸውን ይዘው፣ ሥሩ ሌላ ነው ይላሉ።

ጫልቱ፦ ያኔ እኔ የማውቀው ዲዬጎ ዘመድ አልባ ሊቀር ነዋ።